የገበያ ድርሻ መረጃ ሳይሟላ ምርቶችን በዕድገትና ድርሻ ማትሪክስ ላይ እንዴት እናስቀምጥ? (ከደብረ ማርቆስ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሥራ)

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ መለስተኛ ፋብሪካ ሦስት ነገር ይሸጣል፤ የስንዴ ዱቄት፣ ፉርሽካና የታሸገ ሽሮ። ባለቤቱ የባንክ ብድር ከመጠየቁ በፊት ገንዘቡን በየትኛው ምርት ላይ ቢያውል እንደሚሻል ማወቅ ፈለገና አብረን ተቀመጥን። የዕድገትና ድርሻ ማትሪክሱን ወረቀት ላይ እንደሣልኩለት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ጎጃም ውስጥ በዓመት ስንት ኩንታል ዱቄት እንደሚሸጥ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ጠቅላላው ካልታወቀ የእኔን ድርሻ ከምን ላይ ታወጣዋለህ?»

ጥያቄው ልክ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ወይ ሥራውን ይተወዋል፣ ወይ ድርሻውን በግምት «15 በመቶ» ብሎ ይሞላል። ሁለቱም አያስፈልግም። ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ የሠራነውን እጽፋለሁ። ቁጥሮቹን ለመከተል እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ማትሪክሱን ለማያውቅ ባጭሩ፦ በ1970 ብሩስ ሄንደርሰን በቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ ያወጣው ሥዕል ነው። ወደ ላይ የሚወጣው መስመር ገበያው በዓመት በስንት በመቶ እንደሚያድግ ያሳያል፤ ወደ ጎን የሚሄደው አንጻራዊ የገበያ ድርሻን ያሳያል፤ ትልቁ ድርሻ በግራ በኩል ይሆናል። ድርሻው ከፍ ያለ፣ ገበያውም የሚያድግ ምርት «ኮከብ» ይባላል። ድርሻው ከፍ ብሎ ገበያው ያዘገመ «የምትታለብ ላም» ነው። ገበያው እያደገ ድርሻው ያነሰው «ጥያቄ ምልክት»፣ በሁለቱም ዝቅ ያለው ደግሞ «ውሻ» ነው። የተለመደው የመለያ መስመር ለዕድገት 10 በመቶ፣ ለድርሻ ደግሞ 1 ነው።

1. ጠቅላላ ገበያውን መፈለግ ይተዉ

አንጻራዊ ድርሻ ማለት የእኛ ድርሻ ለትልቁ ተፎካካሪ ድርሻ ሲካፈል ነው። የእኛ ድርሻ የእኛ ሽያጭ ለጠቅላላ ገበያው ተካፍሎ የሚገኝ ነው፤ የተፎካካሪውም እንደዚሁ። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ጠቅላላ ገበያው ከላይም ከታችም ስላለ ይሰረዛል። የሚቀረው ይህ ብቻ ነው፦

```
አንጻራዊ ድርሻ = የእኛ ሽያጭ ÷ የትልቁ ተፎካካሪ ሽያጭ
```

ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ስንት ኩንታል እንደሚሸጥ ባናውቅም ችግር የለም። ማወቅ ያለብን የአንድ ተፎካካሪን ሽያጭ ነው፤ እሱንም ቢሆን በትክክል ሳይሆን ከእኛ ይበልጣል ወይስ ያንሳል፣ በስንት እጥፍስ የሚለውን ለመመለስ ያህል። የባለቤቱ ፊት የተፈታው ይህን ካሳየሁት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የምመክረው ጥንቃቄ አለ። ትናንሽ ሻጮችን ደምሮ «ሌሎች» ብሎ አንድ ትልቅ ተፎካካሪ ማድረግ ስሕተት ነው። ሽሮ ላይ ይህ ወዲያው ይመጣል፤ አብዛኛው ቤት ሽሮውን ራሱ ቆልቶና ቀምሞ ወፍጮ ቤት ያስፈጫልና። ነገር ግን የቤት ሽሮ የሺህ ቤት ሥራ እንጂ የአንድ ድርጅት ምርት አይደለም። ሄንደርሰን ከትልቁ ጋር አወዳድሩ ያለው ብዙ የሚያመርት ልምድ ስለሚያካብትና የአንዱ ኪሎ ወጪው ስለሚወርድለት ነው፤ አንድ እናት በዓመት ሁለት ጊዜ በማስፈጨት ይህን አታገኝም። የቤት ሽሮ የሚቆጠርበት ቦታ የገበያው ዕድገት ላይ ነው።

2. ገበያውን በካርታ ላይ ይወስኑ

ለዱቄት ገበያችን የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ከተሞች ናቸው አልን፤ ከደጀን እስከ ቡሬ። ፋብሪካው ከዚያ አልፎ አይሸጥም። ለፉርሽካ ክልሉን አጠበብነው፤ ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ። ይህ ውሳኔ ከሁሉም በፊት መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ክልሉን ማጥበብ ይቻላል፣ እያጠበቡ ከሄዱ ደግሞ ማንም ሰው በራሱ ሰፈር አንደኛ ነው።

3. ከተፎካካሪው አቅም ተነሥተው ዝቅተኛና ከፍተኛ ይገምቱ

የዱቄት ትልቁ ተፎካካሪ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስሙን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ወፍጮው በቀን 600 ኩንታል ስንዴ መፍጨት እንደሚችል ሠራተኞቹ በግልጽ ይናገራሉ። ከ100 ኩንታል ስንዴ 75 ገደማ ዱቄት ይወጣል፤ 22 ገደማ ፉርሽካ ይሆናል፤ ቀሪው ብናኝና ቆሻሻ ነው። የሥራ ቀኑን በዓመት 250 አልን። ወፍጮ ግን ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ አይሠራም፤ ስንዴ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል። ከአቅሙ ቢያንስ 40፣ ግፋ ቢል 60 በመቶ ይሠራል ብለን ያዝን።

ዝቅተኛው ግምት በዓመት 45,000 ኩንታል ዱቄት፣ ከፍተኛው 67,500 ሆነ። ይህ ግን ሁሉም እኛ ገበያ ውስጥ አይሸጥም። ጫኝና አውራጆቹን ብንጠይቅ ከአሥር አይሱዙ አራት ወይም አምስቱ ብቻ ዱቄት ይዘው በእኛ ከተሞች እንደሚያራግፉ፣ የቀሩት ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ ነገሩን። ስለዚህ በእኛ ገበያ የሚሸጠው ከ18,000 (የ45,000 40 በመቶ) እስከ 33,750 (የ67,500 50 በመቶ) ነው።

የእኛ ፋብሪካ 24,000 ኩንታል ይሸጣል። አንጻራዊ ድርሻችን እንግዲህ ከ0.71 እስከ 1.33 ይሆናል። ይህ ምንም አልነገረንም፤ አንደኛም ሁለተኛም ልንሆን እንችላለን። ግምቱ 1ን ከተሻገረ ሁለተኛ መንገድ መፈለግ ግዴታ ነው። ካልተሻገረ ግን መረጃ ፍለጋውን እዚያው ያቁሙ።

ፉርሽካው የማቆምን ጥቅም አሳየን። 24,000 ኩንታል ዱቄት ለማውጣት 32,000 ኩንታል ስንዴ ይፈጫል፤ ከዚያ 7,000 ኩንታል ገደማ ፉርሽካ ይወጣል፣ ሁሉም እዚሁ ይሸጣል። ተፎካካሪው በዚሁ ስሌት ከ13,200 እስከ 19,800 ያወጣል፤ ከአሥር መኪና ፉርሽካ ግን እዚህ የሚያራግፈው ሁለቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ለሩቅ መኖ ገዥዎች ይጫናል። በእኛ ክልል የሚሸጠው 2,640 ቢያንስ፣ 3,960 ቢበዛ ነው። ድርሻችን ከ1.8 እስከ 2.7። የትኛውም ጫፍ ቢወሰድ አንደኛ ነን። ተጨማሪ ቀን አላባከንንበትም።

4. ጅምላ ነጋዴዎችን ይጠይቁ፣ ነገር ግን በራስዎ ደረሰኝ ይመዝኗቸው

ለዱቄቱ ወደ ጅምላ ነጋዴዎች ሄድን። ከፋብሪካው የሚገዙ 22፣ የማይገዙ 16 መሆናቸውን ከሽያጭ ሠራተኛው ጋር ስም በስም ጻፍን። ከሁለቱም ወገን ሲሶ ያህሉን ወሰድን፤ ሰባት ደንበኛና አምስት ደንበኛ ያልሆነ። ለምን እንደምንጠይቅ በግልጽ ነገርናቸው። «ባለፈው ወር ከእኛ ስንት፣ ከነሱ ስንት፣ በጠቅላላስ ስንት ኩንታል ሸጡ?» ጥያቄው ይኸው ነው።

ስለራስዎ ምርት የሚጠይቁት መልሱን ስለማያውቁት አይደለም፤ መልሱ ደረሰኝዎ ላይ አለ። የነጋዴውን ግምት የሚመዝኑበት ሚዛን ስለሆነ ነው። ስለእኛ የነገሩን በትክክል ከሆነ ስለተፎካካሪውም የነገሩን በትክክል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አብዝተው ከተናገሩ ደግሞ የሁለቱንም አብዝተው ይሆናል፤ ስለዚህ ለማካፈል የነገሩንን ቁጥር በሁለቱም በኩል እንወስዳለን እንጂ ለእኛ ደረሰኝ፣ ለእነሱ ወሬ አንቀላቅልም።

አንዲት ነጋዴ ጋር የሆነው እስከ ዛሬ ትምህርት ሆኖልኛል። ባለቤቱ «እትዬ፣ ባለፈው ወር የእኛን ስንት ሸጡ?» አላቸው። የተሰመረውን ደብተር ገለጥ አድርገው «ዘጠና ኩንታል፤ የእነሱን መቶ ሃያ» አሉ። ጻፍኩት። ማታ ደረሰኙን ሳይ ለእሳቸው የሸጥነው 45 ነው። በማግሥቱ ተመልሰን ስንጠይቅ ነገሩ ተገለጠ፤ እሳቸው «ኩንታል» የሚሉት ከረጢቱን ነው፣ ከረጢቱ ደግሞ ባለ 50 ኪሎ ነው። የተፎካካሪውም 120 ወደ 60 ወረደ። ከዚያ ወዲህ «ባለ ሃምሳው ነው ባለ መቶው?» ሳልል ቁጥር አልጽፍም። ደረሰኙ ባይኖር ኖሮ ስሕተቱ በድምሩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ከታረመ በኋላ ሰባቱ ደንበኞች ስለእኛ 620 ኩንታል ነገሩን፤ ደረሰኛችን 598 ይላል። ልዩነቱ ከ4 በመቶ በታች ነው፤ ደብተራቸው የሚታመን ነው። እነዚሁ ሰባቱ የተፎካካሪውን 540 ሸጠዋል። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ 620 ለ540፣ ማለትም 1.15፣ ገበያውን እንመራለን ብለን በደስታ ወደ ቤት እንገባ ነበር። አምስቱ ደንበኛ ያልሆኑት ግን የእኛን ዜሮ፣ የእነሱን 330 ሸጠዋል። ሲደመር 620 ለ870 ሆነ፤ 0.71።

በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። ድርጅት የሚያውቃቸው ነጋዴዎች ከእሱ የሚገዙት ናቸው፤ እነሱ ጋ ብቻ የሚጠይቅ ሁሉ ራሱን አንደኛ ሆኖ ያገኘዋል። ስሕተቱ መኖሩን የሚያውቁበት ቀላል መንገድ አለ፤ ከጠየቋቸው መካከል የእርስዎን ምርት የማይዝ አንድም ነጋዴ ከሌለ ውጤቱን አይቀበሉት። ፋብሪካው ለዳቦ ቤቶች በቀጥታ የሚሸጥ ቢሆን እነሱንም በዚሁ መንገድ ለሁለት ከፍለን እንጠይቅ ነበር።

አሥራ ሁለት ነጋዴ ጥቂት ነው። ስለዚህ የተፎካካሪውን 870 በ15 በመቶ ከፍና ዝቅ አደረግነው፤ ድርሻችን ከ0.62 እስከ 0.84 ሆነ። ከአቅም ስሌቱ ያገኘነው ከ0.71 እስከ 1.33 ነበር። ሁለቱ የሚስማሙበት ከ0.71 እስከ 0.84 ያለው ነው። አሁን 1ን አይሻገርም። ሁለቱ መንገዶች ፈጽሞ ባይገናኙ ኖሮ አማካይ አንወስድም ነበር፤ አንዱ ውስጥ የተሳሳተ ነገር አለ ማለት ነውና ወደ ኋላ ተመልሰን የመኪናውን ብዛትና የከረጢቱን ኪሎ እንመረምር ነበር።

5. መደርደሪያ ላይ ያለውን እንደተሸጠ አይቁጠሩ

ሽሮው በሱቅና በሱፐርማርኬት በፓኬት ስለሚሸጥ ነጋዴው ደብተር አይዝለትም። እዚያ የምንሠራው ቆጠራ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ መቁጠር ያሳስታል። አንድ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ቀን የእኛ 60 ፓኬት፣ የትልቁ ተፎካካሪ 40 ነበር። በዓይን የሚያይ ሰው 1.5 እጥፍ እንበልጣለን ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ቆጠርን፤ የእኛ 48 ቀርቷል፣ አዲስ አልገባም። የእነሱ 30 ገብቶ 25 ቀርቷል። ስለዚህ እኛ 12፣ እነሱ 45 ሸጠዋል። ትክክለኛው 0.27 ነው። መደርደሪያው በእኛ የተሞላው ስላልተነካ ነው። በቀሩትም ሱቆች ከ0.2 እስከ 0.35 አገኘን፤ ከ1 በጣም ስለሚርቅ ከዚህ በላይ አልደከምንም።

6. ዕድገቱን በኩንታል እንጂ በብር አይለኩ

የፋብሪካው የዱቄት ሽያጭ በብር 31 በመቶ አድጓል። ባለቤቱ ዱቄቱን የተማመነበት ምክንያት ይህ ነበር። በኩንታል ሲታይ ግን ያደገው 2 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው የዋጋ ጭማሪ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው በብር ከለካ ምርቱ ሁሉ ከ10 በመቶው መስመር በላይ እንደሚሰፍር ይገባዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ የራስን ዕድገት የገበያው ዕድገት አድርጎ መውሰድ ነው። የእኛ 2 በመቶ ስለእኛ እንጂ ስለገበያው አይናገርም። ከአሥራ ሁለቱ ነጋዴዎች ዘጠኙ ያምናውን ደብተር አስቀምጠው ነበር። የሁሉንም ፋብሪካ ዱቄት ደምረን፣ ያንኑ ሦስት ወር ካለፈው ዓመት ጋር ብናወዳድር 3,900 ኩንታል ወደ 4,130 አድጓል፤ 6 በመቶ ገደማ ነው። ገበያው 6 ሲያድግ እኛ 2 ካደግን ድርሻ እየለቀቅን ነው ማለት ነው። በሁለቱም ዓመት ተመሳሳይ ነጋዴዎች መሆን አለባቸው፤ ዘንድሮ ዘጠኝ፣ አምና ሰባት ቢሆን ዕድገቱ የነጋዴው ቁጥር ዕድገት ይሆናል።

ለፉርሽካ መኖ ሻጮችና ከብት አድላቢዎች ከ15 እስከ 25 በመቶ ነገሩን፤ በሁለቱም ጫፍ ከመስመሩ በላይ ነው። ሽሮ ላይ ጾም ይገባበታል። ዐቢይ ጾም የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ እየተዘዋወረ ስለሆነ የዘንድሮን የካቲት ከአምናው የካቲት ጋር ማወዳደር ጾምን ከፍስክ ጋር ማወዳደር ሊሆን ይችላል። ጾሙን ከጾሙ፣ ፍስኩን ከፍስኩ ያወዳድሩ። ድርሻውን ግን ጾም ብዙም አይነካውም፤ ሁሉም ሻጭ አብሮ ይጨምራልና፣ አንዱ ዕቃ ካላለቀበት በቀር። እኛ ጾምን ከጾም ስናወዳድር የታሸገ ሽሮ ከ12 እስከ 20 በመቶ እያደገ ነው፤ አንድ ክፍሉ ከቤት ሽሮ ወደ ፓኬት የሚዞረው ሰው ነው።

7. በነጥብ ሳይሆን በሣጥን ይሣሉ

የጎን መስመሩ ላይ 4፣ 2፣ 1፣ 0.5፣ 0.25 ብለው በእኩል ርቀት ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፉ። እያንዳንዱ እርምጃ እጥፍ ወይም ግማሽ ነው፤ እጥፍ መሆንና ግማሽ መሆን ከ1 እኩል እንዲርቁ ነው። ከዚያ ምርቱን እንደ ክብ ሳይሆን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ግምት እንደሚዘረጋ ሣጥን ይሣሉ፤ ስፋቱ የድርሻው ግምት፣ ቁመቱ የዕድገቱ ግምት ነው። የሽያጩን መጠን ሣጥኑ ውስጥ በቁጥር ይጻፉት። ክብ ነጥብ የማናውቀውን እንደምናውቅ አስመስሎ ያሳያል፤ ባንክ ፊት የሚቀርብ ወረቀት ላይ ይህ አይገባም።

8. ሥዕሉን ማንበብ

ፉርሽካው ኮከብ ከሚባለው ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገባ። ሽሮው ጥያቄ ምልክት ሆነ። ዱቄቱ፣ ባለቤቱ «የምታልበው ላሜ» ሲለው የኖረው፣ ከ0.71 እስከ 0.84፣ በ6 በመቶ፣ ውሻ ከሚባለው ውስጥ ወደቀ። በዝምታ ብዙ አየው።

እዚህ ላይ ማትሪክሱ የማያየውን መናገር ነበረብኝ። ማትሪክሱ እያንዳንዱ ምርት ለብቻው ቆሞ ሊሸጥ ወይም ሊዘጋ ይችላል ብሎ ነው የሚነሣው። ፉርሽካ ግን የዱቄት ወንድም ነው፤ ዱቄት ካልተፈጨ ፉርሽካ የለም። ስለዚህ «ውሻውን ዝጋ፣ ኮከቡን መግብ» የሚለው እዚህ አይሠራም። ሁለቱን እንደ አንድ የወፍጮ ሥራ አድርገን ከአንድ ኩንታል ስንዴ የሚገኘውን ጠቅላላ ገቢ አሰላን፤ የብድሩም ሐሳብ ወደዚያ ዞረ። አዲስ ወፍጮ መትከሉ ቀረና ፉርሽካውን የሚያደርቅና የሚያከማች መጋዘን፣ ቀጥሎም ሚዛን ላለው የመኖ ሱቅ የሚሆን ገንዘብ ተጠየቀ።

ሌላም አለ። ተፎካካሪው ወደ ሌሎች ከተሞች የሚልከውን ጨምሮ ከ45,000 በላይ ያመርታል። ሽያጩ እዚህ ባይሆንም ወጪው የሚወርድለት በጠቅላላ ምርቱ ነው። በጠቅላላ ምርት ብናወዳድር የዱቄት ድርሻችን ከ0.36 እስከ 0.53 ነው። የዋጋ ፉክክር ቢነሣ የሚያሳስበው ይኸኛው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ወረቀቱ ላይ ጻፍን።

በየሣጥኑ ሥር መረጃው ከማን፣ በየትኛው ወር፣ በባለ ሃምሳው ወይስ በባለ መቶው እንደተወሰደ አስፍረናል። ሰኔ 30 የሂሳብ ዓመቱ ሲዘጋ ወደነዚያው አሥራ ሁለት ነጋዴዎች ተመልሶ የሚጠየቀው ዱቄቱ ብቻ ነው፤ ወደ 1 የቀረበው እሱ ነውና።